ስማችን ከሦስት ሜትር ይነበብ



ባለፈው ዓመት ቡራዩ ውስጥ በተካሄደ አንድ የተማሪዎች ጉባኤ ላይ አስተናጋጆች ነበርን። ከሰበታ፣ ከሱሉልታና ከአዲስ አበባ ለመጡ ሁለት መቶ ያህል ተማሪዎች በር ላይ ባጅ አደልን። ሁሉም አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። ያም ሆኖ ቀኑን ሙሉ «ወንድም»፣ «እህት»፣ «አንተ ልጅ» ስንባባል ዋልን። ከሰዓት በኋላ ጽሑፍ አቅራቢውን ሁሴንን የምትጠራው እህት ከፊቷ የቆመውን ልጅ ባጅ ሁለት እርምጃ ርቃ አይታ «ሁሴን፣ ወደ መድረክ» አለችው። ልጁ ሀሰን ነበር። ሁሉም ሳቀ፤ እሷ ግን አፈረች። ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን ባጁን ያዘጋጀነው የእኛ ነው።

ባጁን በኋላ በማስመሪያ ለካነው። ስፋቱ 9 በ5.5 ሳንቲሜትር ነው። ከላይ የጉባኤው ርዕስ በትልቁ፣ ከጎኑ ዓርማ፣ ከሥሩ መሪ ቃል ሰፍሯል። የሰውየው ስም ከነአባቱ በአንድ መስመር፣ ቁመቱ 3 ሚሊሜትር በሆነ ፊደል ታች ተቀምጧል። አዳራሹ ውስጥ የገባ ሰው የትኛው ጉባኤ ላይ እንዳለ ያውቃል፤ የማያውቀው አጠገቡ ያለውን ሰው ስም ነው። እኛ ግን የሚታወቀውን አግንነን የማይታወቀውን አሳነስን።

ፊደሉ ምን ያህል መሆን እንዳለበት በግምት ሳይሆን በሂሳብ ማግኘት ይቻላል። ጤነኛ ዓይን የሚለየው ትንሹ ነገር የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ያህል ነው፤ በ3 ሜትር ርቀት ይህ 0.9 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ሆላንዳዊው የዓይን ሐኪም ኸርማን ስኔለን እ.ኤ.አ. በ1862 ያወጣው የዓይን መመርመሪያ ሰንጠረዥ የተሠራው በዚሁ መለኪያ ነው። በሰንጠረዡ ላይ የላቲኑ ፊደል ቁመት የመስመሩን ውፍረት አምስት እጥፍ ስለሚሆን በ3 ሜትር ርቀት 4.5 ሚሊሜትር ፊደል ለጤነኛ ዓይን ይበቃዋል።

የእኛ ፊደል ግን ከዚህ በላይ ይፈልጋል። መድረሳ የተማርን ሁሉ ባ፣ ታ እና ሳ በነጥብ ብቻ እንደሚለያዩ እናውቃለን፤ ነጥቧ ከጠፋች ፊደሉ ጠፋ። በግዕዝ ፊደልም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ሀሰንና ሁሴን በጽሑፍ የሚለያዩት በሁለት ትንንሽ ምልክቶች ነው፦ አንደኛው ሁ ወገብ ላይ የወጣችው ጭረት፣ ሌላው ሴ እግር ሥር ያለችው ቀለበት። ቀለበቷን ባጁ ላይ ስንለካት ከፊደሉ ቁመት ስምንት እጅ አንዱን ያህል ናት። ይህች ቀለበት 0.9 ሚሊሜትር እንድትሆን ፊደሉ 7 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ይህም መነጽር ለማያስፈልገው፣ ቆሞ ለሚያይ፣ ጥሩ ብርሃን ላለው ሰው ነው። አዳራሽ ደብዛዛ ነው፤ ሰው ይንቀሳቀሳል፤ መነጽር የሚያስፈልጋቸው ግን የሌላቸው ጓደኞች አሉን። ስለዚህ እጥፍ አድርገን 14 ሚሊሜትር እንላለን።

ኮምፒውተር ላይ ይህ ወደ 60 ነጥብ ይጠጋል። ነገር ግን የነጥቡ ቁጥር ባዶ ቦታንም ስለሚጨምር አንድ ባጅ አትሞ ፊደሉን ራሱን በማስመሪያ መለካት ይሻላል። የፊደሉ ዓይነትም ለውጥ አለው። Nyala ለመጽሐፍ ያምራል፤ ከሩቅ ሲታይ ግን ቀጫጭን ጭረቶቹ ይጠፋሉ። የ Noto Sans Ethiopic ደማቁ ይሻላል። በጣም የደመቀውን መምረጥም አይገባም፤ የሴ ቀለበት ይደፈንና ተመልሰን ሀሰንና ሁሴን ላይ እንወድቃለን።

አሁን ቦታውን እንይ። የእኛ ፊደል ወርዱም ቁመቱም ይቀራረባል። ሁሴን ሦስት ፊደል ስለሆነ 4.5 ሳንቲሜትር ገደማ ይወስዳል። አብዱራህማን ሰባት ፊደል ነው፤ ወደ 10 ሳንቲሜትር ይሄዳል፤ በ9 ሳንቲሜትር ካርድ ላይ አይገባም። ስለዚህ የአንድ ኤ4 ወረቀት ሩብ የሆነውን፣ በአግድም 14.8 በ10.5 ሳንቲሜትር የሆነውን ኤ6 መጠቀም አለብን። «ወጪው ይበዛል» የሚል ይኖራል። ከአንድ ኤ4 የድሮው ካርድ አሥር ይወጣል፤ ኤ6 አራት። ለሁለት መቶ ሰው በሃያ ወረቀት ፋንታ ሃምሳ እንጠቀማለን ማለት ነው። ልዩነቱ ሠላሳ ወረቀት ነው።

አቀማመጡ ላይ የራሳችንን ልማድ እንከተል። ከውጭ የተቀዱ ቅጾች «የቤተሰብ ስም» ብለው ሁለተኛውን ስም ያጎላሉ። እኛ ዘንድ ግን ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ሁለተኛው የአባቱ ነው። ስለዚህ የራስ ስም ብቻውን በ14 ሚሊሜትር፣ የአባት ስም ከሥሩ በግማሹ ይጻፍ። አራት ሙሐመድ በአንድ ጠረጴዛ ሲገናኙ የአባት ስም ያስፈልጋልና አይቅር። የትምህርት ክፍልና ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ያንሳሉ፤ ዓርማው ጥግ ይያዝ። ጽሑፉ ጥቁር በነጭ ይሁን፤ አረንጓዴያችን በጠርዙ ላይ ይበቃዋል። ስሙን ባለቤቱ ራሱ በመመዝገቢያው ላይ እንደሚጽፈው እናትም፦ በሀ ወይም በሐ፣ በግዕዝ ፊደል ወይም በቁቤ። በሰበታም በሱሉልታም ስማቸውን በቁቤ የሚጽፉ ብዙ ወንድምና እህቶች አሉን፤ ሁለቱንም ፊደል አንድ ላይ ማጨናነቅ ሁለቱንም ያሳንሳል።

የቀረው አንገት ላይ ሲንጠለጠል የሚሆነው ነው። በአንድ ማያያዣ የተንጠለጠለ ባጅ ይዞራል፤ ግማሹ ሰው ባዶ ጀርባ ተሸክሞ ይውላል። መፍትሔው በሁለቱም ገጽ አንድ ዓይነት ማተም ነው። ገመዱ ሲረዝም ባጁ ሆድ ላይ ወርዶ ጠረጴዛ ሥር ይደበቃል፤ ቋጠሮ አድርገን ደረት ላይ እናቁመው። ለእህቶች ደግሞ ገመዱ ከሒጃቡ በላይ እንዲውል በር ላይ ስንሰጥ እንንገር፤ ከሥር ከገባ ባጁም አብሮ ይሸፈናል። መርፌ ሻሽ ስለሚቀድ አንጠቀም። የሚያብረቀርቅ ላስቲክም የመብራቱን ጮራ እየመለሰ ስሙን ይሸፍናል፤ ወፈር ባለ ካርቶን ላይ ከታተመ ላስቲክ አያስፈልግም።

ባጅ ሁሉን አይፈታም። ከመድረክ ሆኖ የመጨረሻውን ረድፍ ማንበብ አይቻልም፤ እዚያ ጠያቂው ማይክ ይዞ ስሙን ይናገር። የባጅ ሥራ ሻይ ላይና በር ላይ፣ ሰው ሰውን በሚያገኝበት ርቀት ነው። በዚያ ርቀት ደግሞ ለእኛ ተጨማሪ ትርጉም አለው። 3 ሚሊሜትር ፊደል ያለው ባጅ አንድን ወንድም ወደ እህት ደረት ተጠግቶ እንዲያፈጥ ያስገድደዋል፤ ወይም ጨርሶ እንዳያናግራት ያደርገዋል። ከሦስት ሜትር የሚነበብ ስም ግን አንድ ጊዜ አይተው ዓይንን ሰበር አድርገው «ዘይነብ፣ አሰላሙ ዐለይኪ» ለማለት ያስችላል። እይታን መጠበቅ የእያንዳንዳችን ግዴታ ነው፤ አዘጋጆች ደግሞ ባናከብደው ይገባናል።

ስለዚህ ለቀጣዩ ጉባኤ ኮሚቴ የምንለው አንድ ነው፦ ባጁ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት «ሀሰን» እና «ሁሴን» የተባሉ ሁለት ባጆች ታትመው ግድግዳ ላይ ይለጠፉ። መነጽሩን ያወለቀ አንድ አባል አራት እርምጃ ርቆ ያንብባቸው። ካምታታው አይታተም።