በነጠላው ውስጥ የቀረው ግድግዳ

ለሙት ዓመት መታሰቢያ የሚታተም ፎቶ ይዘው ወደ እኔ የሚመጡ ቤተሰቦች ብዙውን ጊዜ ቅሬታቸው አንድ ነው፤ «ፊታቸው እሳቸው ነው፣ ነጠላቸው ግን ወረቀት መስሏል» ይሉኛል። በቅርቡ የመጡ እህትና ወንድምም ያሳዩኝ ይህንኑ ነው። እናታቸው ደህና ሆነው የተነሡት ፎቶ አንድ ብቻ ነው። ሳሎን ውስጥ፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ቀለም ከተቀባ ግድግዳ ፊት፣ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። ልጆቹ የፈለጉት ግድግዳው ወጥቶ በምትኩ ለስላሳ ክሬም ቀለም እንዲገባ ነበር። ሌላ ቦታ ያሠሩት ሥራ ፊቱ ላይ እንከን የለውም። ነጠላው ግን ከትከሻ በሚወርድበት በኩል ወደ ሰማያዊ ያደላ ግራጫ ሆኗል፤ ጠርዙም በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ልጅቷ «እማዬ እንዲህ ያደፈ ነጠላ ለብሳ ከቤት ወጥታ አታውቅም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ያ እድፍ የእናቷ ሳይሆን የግድግዳው ነው።

የስልክም ሆነ የኮምፒዩተር ፎቶ የጥቃቅን ነጥቦች ስብስብ መሆኑን ታውቃላችሁ። እናትየው ጋቢ ለብሰው ቢሆን ኖሮ ሥራው ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱ ነጥብ ወይ ጋቢ ነው ወይ ግድግዳ፤ የመጀመሪያውን ማስቀረት፣ ሁለተኛውን ማውጣት ነው። ነጠላ ላይ ግን በአንዱ ነጥብ ውስጥ ሁለቱም አሉ። ከፊሉ ብርሃን የመጣው ከክሩ ነው፣ ከፊሉ በክሮቹ መሃል አልፎ ከመጣው ግድግዳ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ይቅር ወይስ ይውጣ?» ሳይሆን «ስንት እጁ የነጠላው ነው?» የሚል ይሆናል።

በቁጥር ላሳያችሁ። ጥቁር 0፣ ነጭ 100 ይሁን። በዚያ ፎቶ ላይ ግድግዳው ብቻውን 30 ያህል ነው። ነጠላው ተደራርቦ ምንም በማያሳይበት ቦታ ደግሞ 90 ነው። ሳሳ ብሎ ግድግዳው በሚታይበት ቦታ 60 ይነበባል፤ 60 የ30 እና የ90 መካከል ስለሆነ፣ እዚያ ላይ ግማሹ ክር፣ ግማሹ ግድግዳ ነው ማለት ነው። አዲሱ ክሬም ቀለም 80 ቢሆን፣ ትክክለኛው ውጤት የ90 ግማሽና የ80 ግማሽ ተደምሮ 85 ነው። የመጀመሪያው ሠሪ 60ውን እንዳለ ትቶት ነበር፤ በ80 ላይ የተቀመጠ 60 እድፍ ሆኖ ይታያል። ትንሽ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ቦታውን ግማሽ አሳላፊ ያደርገውና የ60 ግማሽና የ80 ግማሽ 70 ይመጣለታል። እሱም ገና እድፍ ነው። ሥራው ሁለት ነው፦ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ማወቅ፣ ከዚያም በነጥቡ ውስጥ የቀረውን የግድግዳ ቀለም አውጥቶ የክሩን የራሱን ቀለም መመለስ። ብዙ ሰው የሚረሳው ሁለተኛውን ነው።

እኔ ፎቶውን መጀመሪያ በሦስት ከፈልኩት፦ በእርግጥ እናትየው የሆኑበት፣ በእርግጥ ግድግዳ የሆነበት፣ እና አጠራጣሪው ሳሳ ያለው ነጠላ። ድካሙ ሁሉ ያለው በሦስተኛው ላይ ነው። እጥፋቶቹም መልካቸው ይለያያል። አንድ ድርብ ግማሹን ካሳለፈ፣ ሁለት ሲደረብ ሩቡን ብቻ፣ አራት ሲደረብ ከአሥራ ስድስት አንዱን ብቻ ያሳልፋል። ባለ አራት ድርቡ ጋቢ ለመቁረጥ የማያስቸግረው ለዚህ ነው። ጥለቱ ደግሞ ጥቅጥቅ ብሎ ስለተሸመነ እንደ ሙሉ ተቆጥሮ ይቀራል።

ግምቴን የማረጋግጥበት ዕድልም አገኘሁ፤ ነጠላው ራሱ ቤት ውስጥ ነበርና ልጆቹ አመጡልኝ። የካሜራውን ብርሃን ሳልቀይር አንድ ጊዜ ጥቁር፣ አንድ ጊዜ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግቼ አነሣሁት። ጨርቆቹ ብቻቸውን 10 እና 90 ነበሩ፤ ልዩነታቸው 80። በነጠላው በኩል ሲታዩ 50 እና 90 ሆኑ፤ ልዩነቱ ወደ 40 ወረደ። ግማሽ ያሳልፋል ማለት ነው። ይህ ዘዴ ለማይንቀሳቀስ ነገር እጅግ አስተማማኝ ነው። ለሰው ግን አይሆንም፤ በሁለቱ ፎቶዎች መሃል ሰው ይተነፍሳል፣ ነጠላውም ይነቃነቃል።

ሙሽራዋ ዓይነ ርግብ የለበሰችበት ፎቶም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ የሚከብደው ከጨርቁ ጀርባ ፊትም ግድግዳም ስላለ ነው። ፊቷ ያለበት አብሮ ይቀራል፣ ከፊቷ ውጪ የተንጠለጠለው ብቻ አሳላፊ ይሆናል።

ይህ ነገር የፊልም ሰዎችንም አስቸግሯል። በ1964 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን «ሜሪ ፖፒንስ» ያያችሁ፣ ጁሊ አንድሩስ በተሣለ ገጠር ውስጥ ስትሄድ በባርኔጣዋ ስስ መሸፈኛ በኩል ሥዕሉ ይታያል። ተዋንያኑን ከቢጫ የሶዲየም መብራት በበራ መጋረጃ ፊት አቁመው፣ ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን ለሁለት ፊልም ይከፍሉት ነበር። አንዱ ሰዎቹን፣ ሌላው ያንን ቢጫ ብቻ ይይዛል። በመሸፈኛው በኩል ምን ያህል ቢጫ እንዳለፈ ሁለተኛው ፊልም መዝግቦታል፤ እኔ በግምት የማገኘውን «ግማሽ» እነሱ በልክ አገኙት ማለት ነው። ከሠሪዎቹ አንዱ የነበረው ፔትሮ ቭላሆስ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1965 ኦስካር ተሸልሞበታል።

የዕጣን ጭስ ጠርዝ የለውም፤ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል። ስለዚህ ጭስ አልቆርጥም። ጭሱን ከጎን ብርሃን ሰጥቼ፣ ጥቁር ጨርቅ ፊት አነሣውና በኮምፒዩተር Screen በሚባለው አቀማመጥ ከሌላው ፎቶ በላይ አደርገዋለሁ። በዚህ አቀማመጥ ጥቁሩ ምንም አይጨምርም፣ ጭሱ ግን ባለበት ልክ ያበራል። ነጭ ሰማይ ፊት የተነሣ ጭስ ግን ለዚህ አይሆንም፤ እዚያ ጭሱ ከጀርባው ይልቅ ይጠቁራል።

ብርሌ ከሁሉም ይብሳል። ብርጭቆ ብርሃን ከማሳለፍ አልፎ ያጣምመዋል። ጠጅ በሞላው ክብ ሆዱ ውስጥ ከጀርባው ያለው መስኮት ተገልብጦ ይታያል። በሌላ ባክግራውንድ ላይ ስታስቀምጡት የአሮጌው ክፍል መስኮት አሁንም እዚያው ተዘቅዝቆ አለ፤ አሳላፊ አድርጋችሁ ብታወጡት ደግሞ አዲሱ ሳይጣመም ይታይና ብርሌው ፕላስቲክ ይመስላል። እዚህ ላይ እኔ አልታገልም፤ ብርሌው ካለ፣ ከሚፈለገው ባክግራውንድ ጋር በሚመሳሰል ነገር ፊት ደግሜ አነሣዋለሁ።

የእህትና ወንድሙ ፎቶ የተሳካው ግድግዳው ጠቆር ያለ ስለነበር ነው። ግድግዳውም እንደ ነጠላው ነጭ ቢሆን ኖሮ፣ ክሩም 90፣ ግድግዳውም 90፣ ድብልቁም 90 ነውና የቱ ምን ያህል እንደሆነ ማንም ሊያሰላው አይችልም። እጅ በገመተው ይሠራል እንጂ። ስለዚህ አያታችሁን ዛሬ በነጠላ ስታነሡ ነጭ ግድግዳ ተዉ። ጠቆር ያለ፣ አበባና ሥዕል የሌለበት ነገር ፈልጉ፤ ጥላቸው እንዳያርፍበትም አንድ ሁለት እርምጃ ወደፊት ያስቀምጧቸው።

ሥራው ሲደርሳችሁ ከማሳተማችሁ በፊት ጥቁር ላይም፣ ነጭ ላይም፣ ቀይ ላይም አስቀምጦ እንዲያሳያችሁ ሠሪውን ጠይቁት። የቀረ ሰማያዊ ካለ ከሦስቱ በአንዱ ይታያል። ፋይሉን PNG አድርጎ ይስጣችሁ፤ JPG አሳላፊነትን አይዝም። በቴሌግራም ከሆነ የሚልከው፣ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላከው፤ እንደ ፎቶ ከተላከ መንገድ ላይ ወደ JPG ተቀይሮ ያ ሁሉ ግማሽና ሩብ ይጠፋል።