ሳምንት ዝም ሲሉን፦ ደጅ ጥናት ወይስ ጥያቄ?

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል ያገራችን ሰው። ያው ሰው መልሶ ደግሞ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላል። አሜሪካ መጥቶ የሥራ ማመልከቻ በኢንተርኔት ያስገባና ሳምንት ሙሉ መልስ ያጣ ወገናችን በነዚህ በሁለቱ ምሳሌዎች መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል። ልጻፍላቸው ወይስ ልተወው? ብጽፍስ መቼ? ምን ብዬ? ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ብዙ የተማረ ወገን በዚህች በአንዲት ኢሜይል የተነሳ ዕድሉን ሲያበላሽ ስላየሁ ዛሬ ስለዚሁ ላወጋችሁ ነው።

ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ወዳጄ አለ። አዲስ አበባ ዘጠኝ ዓመት በሂሳብ ሠራተኝነት አገልግሏል። እዚህ ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራል። አንድ ሆስፒታል በሂሳብ ክፍሉ ሰው እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አየና ሐሙስ ማታ ከሥራ በፊት ማመልከቻውን አስገባ። በሳምንቱ ሐሙስ፣ ምንም ድምፅ ሲያጣ፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ጻፈላቸው። ደብዳቤውን በኋላ አሳይቶኛል። «ክቡር ሆይ» ብሎ ይጀምርና ስለ ጤንነታቸው ይጠይቃል፤ የቤተሰብ አስተዳዳሪ መሆኑን፣ የቤት ኪራይ እንደከበደው ይዘረዝራል፤ በመጨረሻም «በታላቅ ትሕትና እለምንዎታለሁ» ብሎ ይዘጋል። መልስ የለም። እሑድ ደገመ። የእሑዱ ልመና አይደለም፤ ክስ ነው። «ብቁ ሆኜ ሳለ ለምን ዝም እንዳላችሁኝ ማወቅ መብቴ ነው፤ የመጣሁበት አገር ይሆን ችግሩ?» ይላል። ሰኞ ዕለት እኔ ዘንድ ሲመጣ ሆስፒታሉ ድረስ በአካል ሄዶ ሊጠይቅ ተዘጋጅቶ ነበር።

«ቆይ እስቲ፣ ማስታወቂያው የሚዘጋው መቼ ነበር?» አልኩት። አላየውም። አብረን ከፍተን ስናየው የማመልከቻው መዝጊያ ያለፈው ዓርብ ነው። የሐሙሱን ደብዳቤ ሲጽፍ ማስታወቂያው ገና ክፍት ነበር ማለት ነው! እሱ ሰባት ቀን ዝም አሉኝ ሲል፣ ቀጣሪው ደግሞ ገና የማንንም ማመልከቻ ለማየት ቁጭ አላለም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ስሕተት ይህ ነው። ሳምንቱን የምንቆጥረው እኛ ከላክንበት ቀን ነው፤ እነሱ ግን የሚቆጥሩት ማስታወቂያው ከተዘጋበት ቀን ነው። በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ማመልከቻዎቹ መጀመሪያ በቅጥር ክፍሉ ይጣራሉ፤ ከዚያ የተመረጡት ሠራተኛ ወደሚፈልገው ክፍል ኃላፊ ይላካሉ፤ ኃላፊውም ከዕለት ሥራው ጊዜ ሲያገኝ ያያቸዋል። ስለዚህ የመዝጊያ ቀን ካለ ከዚያ ቀን በኋላ አምስት የሥራ ቀን ቆጥሮ መጻፍ ነው። ቅዳሜና እሑድ አይቆጠሩም፤ የታንክስጊቪንግና የገና ሰሞንም እንደዚሁ። የመዝጊያ ቀን ከሌለው፣ ለአነስተኛ ቢሮ ወይም ሱቅ አንድ ሳምንት ይበቃል፤ ለሆስፒታል፣ ለዩኒቨርሲቲና ለትልቅ ኩባንያ ግን ሁለት ሳምንት ቢታገሡ ይሻላል። የፌዴራል መንግሥት ሥራ ደግሞ ለብቻው ነው። መንግሥት ራሱ አንድን ቅጥር ከመነሻ እስከ መድረሻ ለመጨረስ ግብ አድርጎ የያዘው 80 ቀን ነው። እዚያ በሳምንቱ «ምነው ዝም አላችሁ» ማለት ሽሮው ሳይፈላ እንጀራ ማቅረብ ነው።

ከመጻፍ በፊት ደግሞ ሦስት ነገር ማየት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ማመልከቻው በእርግጥ ገብቷል ወይ? ወደ ድረ ገጹ ተመልሶ ሲታይ Submitted ካላለና Draft ወይም Incomplete ካለ፣ የመጨረሻዋ ቁልፍ አልተነካችም ማለት ነውና ዝም ያለው ቀጣሪው ሳይሆን እኛው ነን። ሁለተኛ፣ መልሳቸው የማይረባ መልእክት ከሚጠራቀምበት Spam ከሚባለው ሳጥን ገብቶ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ማስታወቂያው «እባካችሁ አትደውሉ፣ አትጻፉ» ይል እንደሆነ ማንበብ ነው። እንዲያ ካለ መጻፍ የለብንም፤ በቃ።

አሁን ወደ አነጋገሩ እንምጣ። እኔ እንደማስበው የችግራችን ሥር ያለው ከባሕላችን ነው። አባቶቻችን ሹመት ወይም ፍርድ ሲፈልጉ ደጅ ይጠኑ ነበር። የጌታው ደጅ ላይ ወር፣ ሁለት ወር ይከርማሉ። ደጅ ጥናት የሚሠራው ጌታው በየቀኑ እያየህ ፊትህን ስለሚለምድና በመጨረሻም ስለሚያፍርህ ነው። ይሉኝታ ይይዘዋል። ኢሜይል ግን ፊት የለውም። ስምህ ሦስት ጊዜ ከፊቷ የመጣባት የቅጥር ሠራተኛ ይሉኝታ አይይዛትም፤ እንዲያውም «ይህ ሰው ከተቀጠረ በኋላስ እንዲህ ሊያስቸግር ነው?» ትላለች። ችግራችንን መዘርዘርም እንደዚያው ነው። የቤት ኪራዩ ለኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ለሷ ግን በአሠራር ልትመዝነው የማትችለው ነገር ነው። ልመናውና ክሱ የተለያዩ ቢመስሉም አንድ ናቸው። ሁለቱም የሚያወሩት ስለኛ ስሜት እንጂ ስለ ማመልከቻው አይደለም።

ሌላው አጠራር ነው። እኛ «አቶ ዮሐንስ» እንደምንለው ልማድ ሆኖብን «ሚስተር ጆን» እንጽፋለን። እዚህ አገር ሚስተር የሚከተለው የቤተሰብ ስም ነው። ሰውየው ወንድ ይሁን ሴት ካልታወቀም ሙሉ ስሙን መጻፍ እንጂ «ሰር» ብሎ መገመት አይገባም። የኛም ስም ራሱ ጣጣ አለበት። ወዳጄ ማመልከቻውን ያስገባው በፓስፖርቱ ስም ነው፤ ኢሜይሉ ላይ የሚታየው ግን የቤት ስሙ ነው፤ የአባቱንም ስም በእንግሊዝኛ ሌላ ፊደል ተጠቅሞ ነው የጻፈው። ያቺ ሠራተኛ ፈልጋ ልታገኘው ብትሞክር እንኳ በምን ታገኘዋለች?

በአካል መሄዱን አስተውኩት። ሰባት ቀን አደብ ገዝቶ ቆየና፣ ማስታወቂያው ከተዘጋ አምስት የሥራ ቀን ካለፈ በኋላ በነበረው ማክሰኞ ጠዋት ሦስተኛውን ጻፍን። ሰኞ ጠዋት ሳጥናቸው የቅዳሜና የእሑድ ክምር አለበት፤ ዓርብ ከሰዓት ደግሞ ልባቸው ቤታቸው ነው። ስለዚህ ነው ማክሰኞን የመረጥነው። በርዕሱ ላይ የሥራውን መጠሪያ፣ ማስታወቂያው ላይ ያለውን የቅጥር ቁጥርና ስሙን ልክ በማመልከቻው ላይ እንዳለው አሰፈርን። የእንግሊዝኛው ፍሬ ነገር በአማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስላል፦

«ለሂሳብ ክፍል ሠራተኛነት ያመለከትኩት ማስታወቂያው ከመዝጋቱ ከስምንት ቀን በፊት ነው። ፋይሌ የተሟላ መሆኑን፣ የጎደለ ሰነድ ካለም የትኛው እንደሆነ ቢያሳውቁኝ እወዳለሁ። በሂሳብ ሥራ ዘጠኝ ዓመት ልምድ አለኝ፤ ሥራውንም አሁንም እፈልገዋለሁ። የውሳኔው ጊዜ ተቆርጦ ከሆነም ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። ስለ ጊዜዎ አመሰግናለሁ።» ከሥር ሙሉ ስሙና ስልኩ።

አምስት ዓረፍተ ነገር ነው። ልመና የለበትም፤ ወቀሳም የለበትም፤ ስላለፉት ሁለት ደብዳቤዎች ይቅርታም አልጠየቅንም፤ ይቅርታው መልሶ ያስታውሳቸዋልና። ዋናው ነገር ግን ሴትየዋ በአንድ ደቂቃ ልትመልሰው የምትችለው ጥያቄ መያዙ ነው። «ማመልከቻዬ ከምን ደረሰ?» ቢላት ኃላፊውን መጠየቅ አለባት፤ ስለዚህ ለነገ ታሳድረዋለች፤ ነገም ይረሳል። «የጎደለ ሰነድ አለ ወይ?» ሲላት ግን ፋይሉን ከፍታ ታየዋለች። ፋይሉን መክፈቷ ነው የተፈለገው።

ረቡዕ ዕለት መልስ መጣ። ዲግሪው ከኢትዮጵያ ስለሆነ ከአሜሪካ ትምህርት ጋር የተመዘነበት ማስረጃ አልተያያዘም፤ እስከ ዓርብ ካልደረሰ ፋይሉ ወደ ኃላፊው አያልፍም ይላል። ወረቀቱ እኮ ከዓመት በፊት ተሠርቶ መሳቢያው ውስጥ ተቀምጧል! በዕለቱ ላከው። በሳምንቱ ለኢንተርቪው ጠሩት።

ሥራውን አገኘ ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ። አላገኘም፤ በአሜሪካ ሆስፒታል የሂሳብ ሥራ የሠራ ሌላ ሰው ወሰዱ። ይህንን የምናገረው ደብዳቤዋ ምን እንደምትችልና ምን እንደማትችል እንዲታወቅ ነው። ብቁ ያልሆነን ብቁ አታደርግም፤ «አይሆንም»ን ወደ «ይሁን» አትለውጥም። የምትችለው የተቀበረን ፋይል ማስነሳት፣ የጎደለን ወረቀት ማሳወቅ ነው። ሳይታዩ መውደቅና ታይቶ መውደቅ ግን ለኔ አንድ አይደሉም። ሳይታይ የወደቀ ሰው «በዘሬ ነው፣ በቀለሜ ነው» እያለ ዓመት ይብሰለሰላል። መድልዎ የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ። የኛ ጉዳይ ግን መድልዎ ይሁን የጎደለ ወረቀት የምናውቀው ጠይቀን ሲመለስልን ነው።

አንዳንድ ወዳጆች «ኮምፒውተር ነው የሚያጣራው፤ ምን ያደርጋል መጻፍ?» ይላሉ። ኮምፒውተሩ ይደረድራል፤ ከቅጥር ክፍሉ ሰው ግን አለ፤ ለወዳጄ የመለሰችለትም ሰው ናት። አድራሻዋን ማግኘት ካልተቻለና የመጣልን ማረጋገጫ «ለዚህ አድራሻ አትመልሱ» የሚል ብቻ ከሆነ፣ ወደ ቅጥር ክፍሉ ዋና ስልክ አንድ ጊዜ ደውሎ ለማን እንደሚጻፍ መጠየቅ ይቻላል። ከተጻፈ በኋላም መልስ ከጠፋ፣ ሌላ ሳምንት ወይም አሥር ቀን ቆይቶ በዚያው ደብዳቤ ላይ ሁለት መስመር መጨመር ይበቃል። ከዚያ በኋላ ዝምታው ራሱ መልስ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ሌሎች ማመልከቻዎችን ማስገባት አይቁም፤ አንድ ደጅ ብቻ የሚጠና ሰው ነው በሳምንቱ ልመና፣ በአሥረኛው ቀን ክስ የሚጽፈው።

ወዳጄ አሁንም ሌሊት ፓርኪንግ ነው የሚሠራው። ትናንት ሲደውልልኝ ለሌላ መሥሪያ ቤት ማመልከቱን ነገረኝ። «መቼ ነው የሚዘጋው?» አልኩት። «ከመላኬ በፊት አይቼዋለሁ» አለኝ።

ቸር ወሬ ያሰማን።