ለበጎ ፈቃድ ጸሐፊ ምን ያህል ሥልጣን ይሰጠው?

በጨፋ ሮቢት ወይም በከሚሴ ጥቂት ወጣቶች ተሰብስበው በዎርድፕረስ አነስተኛ የዜና ገጽ ቢያቋቁሙ፥ ከገንዘቡ ጥያቄ ይልቅ የቁልፉ ጥያቄ የሚያስቸግራቸው ይመስለናል። ብዙውን ጊዜ አንድ የይለፍ ቃል ለሁሉ ይታደላል፤ ያን ጊዜ የቦርከናን ሙላት ማን እንደ ጻፈው፥ ማንስ እንዳጠፋው ለይቶ ለማወቅ አይቻልም። ስለዚህ እያንዳንዱ በየስሙ መግቢያ ሊኖረው ይገባል።

ሥርዓቱ ለጸሐፊዎች ሦስት ማዕርጎች አሉት። Contributor የተባለው ረቂቁን ያቀርባል እንጂ ራሱ ሊያወጣው አይችልም፤ Author የራሱን ጽሑፍ ያወጣል፥ ከወጣም በኋላ ያርማል፥ ይሰርዛል፤ Editor ግን በሁሉም ጽሑፍ ላይ ሥልጣን አለው። እኛ እንደምናምነው በጎ ፈቃደኛ ሁሉ ከመጀመሪያው ማዕርግ ይነሣ። ይህ ያለ ደመወዝ የሚሠራን ሰው መናቅ ነው የሚሉን ይኖሩ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ተማሪ በገበያ የሰማውን የግጭት ወሬ በሌሊት ጽፎ በቀጥታ ቢያወጣውና ሐሰት ሆኖ ቢገኝ፥ ስለ ጥላቻ ንግግርና ስለ ሐሰተኛ መረጃ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 በሕግ ሊያስጠይቀው ይችላል። ሌላ ሰው አስቀድሞ ማንበቡ ለራሱ ለተማሪው መከታ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ማዕርግ የራሱ ችግር አለው። ተማሪው ስለ ሙላቱ ጽፎ Submit for Review የሚለውን ሲጫን ጽሑፉ Pending ተብሎ ይቀመጣል፤ ሥርዓቱ ግን በራሱ ለአዘጋጁ ደብዳቤ አይልክም። ተማሪው ስልክ ካልደወለ ዜናው እዚያው ያረጃል። ፎቶግራፉንም ራሱ ሊጭን ስለማይችል በቴሌግራም ለአዘጋጁ ይልካል። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ስሕተት ቢያገኝ ደግሞ ሊያርመው አይፈቀድለትም። እንግዲህ ማዕርጉን ዝቅ አድርጎ የሰጠ ገጽ፥ ዜናው በዚያው ቀን እንደሚነበብለትና ካልወጣም ምክንያቱ እንደሚነገረው ቃል ሊገባለት ይገባል። ይህን ለመፈጸም ቢያንስ ሁለት አዘጋጆች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ለፈተና ወይም ለለቅሶ ሲሄድ ሌላው ይተካዋል። በዚህ ዞን አማርኛም አፋን ኦሮሞም ስለሚነገር ከሁለቱ አንዱ አፋን ኦሮሞን አጥርቶ ማንበብ አለበት። ማዕርጉ ራሱ ቋንቋ አይለይም፤ Editor የሆነ ሰው የማያውቀውንም ቋንቋ ሊያርም ሥልጣን አለው፥ ይህንም የሚከለክለው የእርስ በርስ ስምምነት ብቻ ነው።

Author የሚለውን ማዕርግ ለወራት ለተፈተነ ሰው መስጠት መልካም ነው። ሆኖም ተቈጥቶ የሄደ ጸሐፊ ጽሑፎቹን ሁሉ ሊሰርዝ እንደሚችል አይዘነጋ። የተሰረዘው ከTrashም ካልተጠረገ በዚያ ሠላሳ ቀን ይቆያልና በዚያ ጊዜ የተመለከተ ሰው ይመልሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ይጠፋል።

ጸሐፊው በሰላም ሲሰናበት ደግሞ መዝገቡን መሰረዝ ተገቢ አይደለም። ሥርዓቱ ያን ጊዜ ጽሑፎቹ ይጥፉ ወይስ ለሌላ ሰው ይሰጡ ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ሲመረጥ ልጁ ጭቃ ረግጦ ያመጣው ዜና በሌላ ሰው ስም ይታያል። ማዕርጉን ወደ Subscriber ዝቅ ማድረግ ይበቃል፤ መጻፍ ይቀርበታል እንጂ ስሙ ከጽሑፉ ላይ አይነሣም።