ስለ ሕዝብ ጥግግት

የአንድ አገር የሕዝብ ጥግግት የሚታወቀው የነዋሪው ብዛት ለመሬቱ ስፋት ሲካፈል ነው። ስሌቱ ትክክል ቢሆንም፣ ብቻውን ሲነገር ግን ያሳስታል።

ግብፅን እንመልከት። የቆዳ ስፋቷ 1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ሕዝቧ 100 ሚሊዮን ደረሰ። ስለዚህ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 100 ሰው ይኖራል ማለት ነው። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው ሕዝቡ ተራርቆ የሚኖር ይመስለዋል። ነገር ግን አብዛኛው መሬት ዝናብ እምብዛም የማይጥልበት በረሃ ነው። ከሕዝቡ 95 በመቶ ያህሉ የሰፈረው ከአገሪቱ ስፋት 5 በመቶ በሚሆነው፣ ዓባይ በሚያጠጣው ሸለቆና ወንዙ ባሕር በሚገባበት ለም ሜዳ ላይ ነው። እንግዲህ 95 ሚሊዮኑን ሕዝብ ለ50 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ብናካፍል፣ ለእያንዳንዱ 1,900 ሰው ይደርሳል። ይህም የፊተኛው 19 እጥፍ ነው።

ለእርሻ፣ ለውሃና ለመኖሪያ ቤት ዕቅድ የሚያወጣ ሰው በፊተኛው ቁጥር ቢመራ፣ የሌለ መሬት እንዳለ አድርጎ ያቅዳል። ሁለተኛውም ቢሆን የካይሮን መንደሮችና የገጠሩን እርሻ አንድ አድርጎ የሚቆጥር አማካይ ነው፤ ሆኖም ለእውነቱ ይቀርባል። ስለሆነም የጥግግት ቁጥር በተጻፈ ጊዜ ሁሉ፣ ሕዝቡ ለየትኛው መሬት እንደ ተካፈለ አብሮ ሊገለጽ ይገባል።