«ለቤተሰብ ጉዳይ» ተብሎ የተጻፈው ማመልከቻ



ውድ የመስጂዳችን ጀማዓዎች፣ በአንድ ወቅት ከዐስር ሰላት በኋላ አንድ ወጣት ወደ መድረሳችን መጣ። ልጅ ሳለ እኔው ዘንድ ቁርኣን የቀራ ነው። ዛሬ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ መስኮት ላይ ገንዘብ የሚቀበልና የሚከፍል ሠራተኛ ሆኗል። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ «ኡስታዝ፣ ይህችን ይዩልኝ» አለኝ። የፈቃድ ማመልከቻ ነበረች። «ለቤተሰብ ጉዳይ የአንድ ወር ፈቃድ እንዲሰጠኝ» ትላለች። ከግርጌዋ በቀይ እስክሪብቶ «ለቤተሰብ ጉዳይ የሚፈቀደው ሦስት ቀን ነው» ተብሎ ተጽፎባታል።

የቤተሰብ ጉዳይ ያለው ሐጅን ነበር። እናቱ ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ዓመታት ያጠራቀመችው ገንዘብ ሞልቶላታል፤ መሕረሟ ደግሞ እሱ ብቻ ነው። «ታዲያ ለምን ሐጅ ብለህ አልጻፍክም?» ብዬ ጠየቅኩት። አንገቱን ደፋ። «ኡስታዝ፣ ጊዜውን ያውቁታል። ሐጅ ብዬ ብጽፍ ዓይን ውስጥ እገባለሁ» አለኝ።

ይህን የምጽፈው በዚያች መልስ ምክንያት ነው። የእስልምና አምስተኛውን ማዕዘን ለመፈጸም የሚነሳ ሙስሊም በገዛ አገሩ ስሙን ሸሽጎ «የቤተሰብ ጉዳይ» ካለ፣ መብቱን ማንም ሳይነጥቀው እሱ ራሱ አስረክቧል ማለት ነው። የሸሸገው ነገር ደግሞ አልጠቀመውም። ያኔ ሥራ ላይ የነበረው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ለቤተሰብ ጉዳይ የሚለው ፈቃድ ሠራተኛው ሲያገባ ወይም የቅርብ ዘመድ ሲሞትበት የሚሰጥ ሦስት የሥራ ቀን ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሕጉን ጠቅሶ ሲመልሰው ልክ ነበር። ስህተቱ የማመልከቻው ነው።

በአዋጁ ውስጥ «የሐጅ ፈቃድ» የሚባል አንቀጽ አልነበረም። ስለዚህ የወንድማችን ጥያቄ መቆም የነበረበት በዓመት እረፍት ፈቃዱ ላይ ነው። በዚያ አዋጅ አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 14 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት አንድ አንድ ቀን እየተጨመረለት እረፍት ያገኝ ነበር። ይህ ችሮታ አይደለም፤ ሠርቶ ያገኘው ነው። እረፍቱን በሌላ ጊዜ ለመውሰድ ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው ከተስማማም ወደ ሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል፤ ሆኖም ከሁለት ዓመት በላይ ሊገፋ አይችልም።

በሚቀጥለው ዓመት ከእሱ ጋር ተቀምጠን ቆጠርነው። ስድስት ዓመት አገልግሎ ነበር፤ የዚያ ዓመት እረፍቱ 19 ቀን ነበር። ካለፈው ዓመት 18 ቀን ውስጥ የወሰደው ስምንቱን ብቻ ስለሆነ፣ በጽሑፍ የተላለፈለት 10 ቀን ነበረው። ድምሩ 29 የሥራ ቀን ነው። የሚቀጥለው ዓረፋ በቀን መቁጠሪያው መሠረት፣ የጨረቃዋ መታየት እንዳለ ሆኖ፣ መስከረም 23 ቀን 2007 አካባቢ ይውል ነበር። ፈቃዱን ሰኞ መስከረም 5 ቢጀምር፣ ቅርንጫፉ ቅዳሜንም ስለሚሠራ በሳምንት ስድስት ቀን ይቆጠርበታል። እሑዶቹ አይቆጠሩም። የመስቀልና የዒድ አል አድሓ በዓላትም የሕዝብ በዓል ስለሆኑ አይቆጠሩም። እንዲህ ሲሰላ ወደ ሥራ የሚመለሰው ጥቅምት 11 ቀን ነው። አምስት ሳምንት አለፈ ማለት ነው። አንድም ቀን ተጨማሪ አልለመነም።

19ኙን ቀን ብቻ ይዞ ቢሆንስ? ፈቃዱ መስከረም 28 ላይ ያበቃል። የሐጁ ሥራ የሚጀመረው ዙልሒጃ 8 ሲሆን የሚጠናቀቀው በ12ኛው ወይም በ13ኛው ቀን ነው፤ ይህም መስከረም 26 ወይም 27 መሆኑ ነው። በረራው አንድ ቀን ቢዘገይ ከሥራ ቀረ ማለት ነው። እዚህ ላይ ወንድሞቼን አጥብቄ አስጠነቅቃለሁ። ፈቃድ ሳይጸድቅ «አላህ ያውቅልኛል» ብሎ መሄድ አይገባም። በዚያ አዋጅ ያለ በቂ ምክንያት አምስት ተከታታይ የሥራ ቀን የቀረን ሠራተኛ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችል ነበር። ቃል መጠበቅም የዲናችን ግዴታ ነው። የመዲና ዚያራ የተወደደ ተግባር ቢሆንም የሐጅ ማዕዘን አይደለም፤ ቀን ያጠረበት ሰው እዚያ የሚቆይበትን ጊዜ አሳጥሮ በቀኑ መመለስ ይችላል።

አዲሱን ማመልከቻ ስንጽፍ አራት ነገር ብቻ አስገባን። ፈቃዱ ለሐጅ መሆኑን፣ የተጠራቀመውን የእረፍት ቀን ብዛት፣ የሚወጣበትንና የሚመለስበትን ቀን፣ በሌለበት ጊዜ የገንዘብ ሳጥኑን ማን እንደሚረከበው። ልመናና ማባበያ አላስገባንም፤ ማስፈራሪያም አላስገባንም። ሳጥኑን የሚረከበው ክርስቲያን ባልደረባው ነው። «አንተ ለገና ወደ ላሊበላ ስሄድ ተክተኸኝ የለም ወይ?» ብሎ ፈረመለት። በማን ስም እርስ በርስ እንደሚያባሉን ለምናውቅ ሰዎች ይህች ፊርማ ትልቅ ናት።

ማመልከቻዋ በመዝገብ ቤት ገቢ ሆና፣ ቁጥርና ቀን ተጽፎባት፣ አንድ ቅጂዋ ማኅተም አርፎባት በእጁ ቀርታለች። ሥራ አስኪያጁ በቃል የመለሱለት «ባንኩ የእምነት ተቋም አይደለም» የሚል ነው። እኛም አይደለም እንላለን። ወንድማችን ባንኩ ሐጅ ያድርግልኝ አላለም። ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ የሚለው ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 27 ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ሃይማኖቱን የማምለክና የመተግበር ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። አንድ ሰው ሠርቶ ያገኘውን እረፍት ለሠርግ ቢያውለው ማንም የማይጠይቀው ከሆነ፣ ለሐጅ ሲያውለው የሚጠየቅበት ምክንያት የለም።

ለአሠሪውም ፍትሐዊ እንሁን። ባንክ በጥሬ ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ቤት ነው። ሁለት ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ከጎደለ ሰልፉ በር ይደርሳል። ስለዚህ አሠሪው በሥራው ሁኔታ ምክንያት የእረፍቱን ጊዜ ማስተላለፍ ይችላል፤ ሕጉ ይህን ፈቅዶለታል። ነገር ግን ምክንያቱ የሥራ መሆን አለበት። ለሌላው እየተፈቀደ ለሐጅ ሲሆን ብቻ የሚከለከል ከሆነ፣ ያው አዋጅ በአንቀጽ 14 በሠራተኞች መካከል በሃይማኖት ልዩነት ማድረግን ሕገ ወጥ ብሎት ነበር። ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ መንገዱ አንድ ነው፤ መልሱን በጽሑፍ መጠየቅ። በቃል የተባለ «አይሆንም» ነገ «አላልኩም» ይሆናል።

የጽሑፍ ነገር ምን ያህል እንደሚሠራ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ በርክሊ በተባለ የትምህርት አስተዳደር ሥር የምታስተምር አንዲት ሙስሊም እህት እ.ኤ.አ. በ2008 ለሐጅ ሦስት ሳምንት የሚጠጋ ያለ ደመወዝ ፈቃድ በጽሑፍ ጠየቀች። ከሥራሽ ጋር አይገናኝም፣ በኅብረት ስምምነቱም የለም ተባለች። ሥራዋን ለቃ ሄደች። ጉዳዩን የአገሪቱ ፍትሕ ሚኒስቴር ይዞ ከሰሰላት፤ በ2011 ተከሳሹ 75 ሺህ ዶላር ሊከፍላት ተስማማ። ያ አገር የሙስሊም አገር አይደለም። እዚያ የሙስሊም ቁጥር ከእኛ አገር ጋር አይነጻጸርም። ልዩነቱ እህታችን «ለቤተሰብ ጉዳይ» ብላ አለመጻፏ ነው።

«በወለድ ባንክ የሚሠራ ሰው ሐጅ ምን ይፈይድለታል?» የሚል ወንድም እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ለልጁ ሳልነግረው አላለፍኩም። የሐጁ ወጪ ግን የእናቱ የንግድ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ሐራም ቢሆን እንኳ አብዛኞቹ ዑለማዎች ወንጀሉ እንዳለ ሆኖ ፈርዱ ይወርድለታል ሲሉ፣ የሐንበሊ መዝሀብ አይወርድም ይላል። ይህ እሱ ከዑለማዎቹ ጋር የሚጨርሰው ጉዳይ ነው። የፈቃድ መብቱን ግን ይህ አይሰርዘውም።

ለነገው ደግሞ ዛሬ መዘጋጀት አለብን። ሐጅ በየዓመቱ ወደ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል። በ2007 መስከረም ላይ ነበር፤ ከስምንት ዘጠኝ ዓመት በኋላ ግን ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መባቻ ላይ ወደቀ። ሰኔ ባንኮች ሒሳብ የሚዘጉበት ወር ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ «የሥራ ሁኔታ» የሚለው ምክንያት እውነተኛና ከባድ ይሆናል። ስለዚህ በሠራተኛ ማኅበራት ውስጥ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የኅብረት ስምምነት በሚታደስበት ጊዜ «ሠራተኛው በአገልግሎት ዘመኑ አንድ ጊዜ ለሐጅ፣ ቢያስፈልግ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ያገኛል» የምትል አንዲት መስመር አስገቡ። ክርስቲያን ባልደረቦቻችሁም ለኢየሩሳሌም ጉዞ ይህችኑ መስመር ሊፈልጓት ይችላሉ፤ አብራችሁ ጠይቁ።

የጉዞ ቀን በጊዜ ካልተነገረ ደግሞ ማንም ሠራተኛ ትክክለኛ ቀን በማመልከቻው ላይ መጻፍ አይችልም። የሐጅ ጉዳይ ሙስሊሙ በመረጣቸውና ሊጠይቃቸው በሚችል ሰዎች እጅ ይሁን ስንል፣ መሪዎቻችንን በቀበሌ ሳይሆን በመስጂዳችን እንምረጥ ስንል፣ ይህን የመሰለ ተራ የሚመስል ጉዳይም ውስጡ ነበረ።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አባቶቻችን አዲስ አበባ ላይ ወጥተው በሰልፍ ባይጠይቁ ኖሮ፣ ያቺ ከሥራ ቀን ቆጠራው ያወጣናት የዒድ ቀን ዛሬ በዓል ሆና ባልቆየችን ነበር። እነሱ ጥያቄያቸውን በስሙ ጠሩት።

የወንድማችን ማመልከቻ ያኔ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ቆየች። የጽሑፍ መልሷ ወዲያው አልመጣም። እናቱ ኢሕራሟን አጥባ አጣጥፋ አስቀምጣ ነበር። በዱዓችሁ አትርሷቸው። ከመካከላችሁ ለመጪው ዓመት የነየተ ሠራተኛ ካለ ደግሞ የእረፍት ቀኑን ከዛሬ ይቁጠር፣ የሚያስተላልፈውን በጽሑፍ ያስተላልፍ፣ ማመልከቻውንም ሲጽፍ ሐጅን ሐጅ ይበለው።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።