አንዱ መስመር መልስ ሰጥቶ ሳለ አምስቱን መለመን

ጽዊ ጁ በጥንታዊት ቻይና የቺ ግዛት ትልቅ ሹም ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን የታንግ ከተማ ገዢ ሞተና ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። እዚያም የሟቹን ሚስት አየ። ውበቷ ልቡን ሰወረው። ሠረገላውን የሚነዳለት ሰው ወንድሟ ስለነበር እዚያው ዘወር ብሎ “እህትህን ስጠኝ” አለው። ወንድምየው ግን አልተቀበለም፤ የሁለቱ ወገን ከአንድ ጎሣ የሚመዘዝ ነውና። በኢትዮጵያ ሰባት ቤት እንደሚቆጠረው በዚያም አገር የአንድ ጎሣ ልጆች አይጋቡም ነበር።

ጽዊ ጁ ጉዳዩን ወደ ዪ ጂንግ ወሰደው። ዪ ጂንግ፣ ማለትም የለውጦች መጽሐፍ፣ 64 ምልክቶች አሉት። እያንዳንዱ ምልክት ከታች ወደ ላይ የሚቆጠሩ ስድስት መስመሮች ያሉት ሲሆን፣ መስመሩ ወይ ሙሉ ነው ወይ መሐሉ የተቆረጠ ነው። ለጽዊ ጁ የወጣለት ኩን የተባለው 47ኛው ምልክት ነበር። ትርጉሙ መጨነቅ፣ መጠበብ ነው። ከስድስቱ መስመሮች የተለወጠው አንዱ ብቻ ነው፤ ሦስተኛው። እሱ ሲለወጥ ምልክቱ ዳ ጉዎ የተባለው 28ኛው ይሆናል። የቤት ተሸካሚው እንጨት ከክብደት ብዛት ሲጎብጥ የሚታይበት ምልክት ነው።

የቤተ መንግሥቱ ጸሐፍት በሙሉ “መልካም ነው” አሉ። በኋላ ዘመን የተነሡ ተንታኞች ይህን ውዳሴ ከንቱ ብለውታል፤ ጌታው የሚፈልገውን ሰጡት። ከዚያ ውጤቱን ቸን ዌንዚ ለተባለ ሌላ ሹም አሳዩት። ይህ ሰው የሠራው ሥራ ዛሬም በፍቅር ጥያቄ ዪ ጂንግን የሚከፍት ሁሉ ሊያየው የሚገባ ነው። አንዲቷን የተለወጠች መስመር ያዘና ቃል በቃል ፈታት። መስመሯ መንገዱ በድንጋይ የተዘጋበት፣ ሲደገፍ እሾህ የጨበጠ፣ ቤቱ ገብቶ ሚስቱን የሚያጣ ሰው ትስላለች፤ ፍርዷም ክፉ ነው። ቸን ዌንዚ “ድንጋዩ፣ ብትሄድም አይሳካም ማለት ነው” አለ። “እሾሁ፣ የምትደገፍበት ነገር ይወጋሃል ማለት ነው። ሚስትን ማጣቱም የምትመለስበት አይኖርህም ማለት ነው።” በተጨማሪም የታችኛው ግማሽ ከውኃ ወደ ነፋስ መለወጡን አሳየ፤ ነፋስ ደግሞ የሚያረግፍ ነው። በቃ። ስለ ሌሎቹ አምስት መስመሮች አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ይህ ታሪክ የተጻፈው ዙዎ ጁዋን በተባለው ጥንታዊ ዜና መዋዕል ውስጥ ነው። መጽሐፉ ነገሩ ካለፈ በኋላ የተጠናቀረ በመሆኑ፣ ትንቢቱ ከፍጻሜው ጋር እንዲገጥም ተስተካክሎ ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር ሰው አልተሳሳተም። ለተያዘው ክርክር ግን ይህ ለውጥ አያመጣም። ታሪኩ የሚመሰክረው ትንቢት መፈጸሙን ሳይሆን፣ ለመጽሐፉ ቅርብ የነበሩት ሰዎች እንዴት ያነቡት እንደነበር ነው።

ዛሬ የተስፋፋው ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰው “ይመለስልኝ ይሆን?” ወይም “ታገባኛለች?” ብሎ ይጠይቃል፤ አንድ መስመር ብቻ ይለወጥለታል፤ እሱ ግን መጽሐፉን ገልጦ ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው በተራ ይወርዳል። እያንዳንዱን መስመር የፍቅሩ አንድ ምዕራፍ ያደርገዋል። አንደኛው የተዋወቁበት፣ ሁለተኛው የተቀራረቡበት፣ ሦስተኛው የተጣሉበት፣ አራተኛው ገና የሚመጣው እየተባለ ይቀጥላል። ይህን የሚያስተምሩ ሰዎች “ሙሉ ንባብ” ይሉታል። ሙሉ አይደለም። ጥያቄውን መልሶ መክፈት ነው።

ጽዊ ጁ በዚህ መንገድ ቢያነብ ኖሮ ምን ያገኝ እንደነበር ማየት ይበቃል። የኩን ሁለተኛ መስመር ስለ መብልና መጠጥ፣ ስለሚመጣ የሹመት ልብስ ያወራል፤ ለሠርግ አሳቢ ደስ የሚል ነገር ነው። አራተኛው በወርቅ ሠረገላ ተይዞ ቀስ ብሎ የሚመጣ ሰው አለው፤ ያሳፍራል፣ ግን ፍጻሜ አለው። አምስተኛው በጭካኔ ቢጀምርም ቀስ በቀስ ደስታ ይከተላል ይላል። ስድስተኛው በሐረግ የተተበተበ ሰው ተጸጽቶ ከተነሣ መልካም እንደሚሆንለት ይናገራል። እነዚህን በተራ የደረደረ አፍቃሪ “ሦስተኛው ላይ ትንሽ ችግር ይገጥመናል፣ እናልፈዋለን፣ መጨረሻው ያምራል” ብሎ ይነሣል። ክፉ ነው የተባለው መልስ በስድስት ተካፍሎ የመንገድ ላይ ጉድጓድ ሆነ ማለት ነው። ጸሐፍቱ ለጌታቸው ያደረጉትን፣ ይህ አንባቢ ለራሱ ያደርገዋል።

የአጣጣሉ ሥርዓት ራሱ ይህን አይፈቅድም። በሦስት ሳንቲም የሚጥል ሰው አንዱን ገጽ 3፣ ሌላውን 2 ብሎ ይቆጥርና ስድስት ጊዜ ይወረውራል። ድምሩ 7 ወይም 8 ከሆነ መስመሩ ጸጥ ያለ ነው፤ ምልክቱን ይሠራል እንጂ አይናገርም። 6 ወይም 9 ከሆነ ግን ወደ ተቃራኒው ይለወጣል፣ ጽሑፉም ለጠያቂው ይነገራል። 7ን እና 9ን መለየት ያስፈለገው ለዚህ ብቻ ነው። ሁለቱም ሙሉ መስመር ይሠራሉና ሁሉም የሚነበብ ቢሆን ልዩነቱ ከንቱ ይሆን ነበር፤ ሳንቲሙም ባልተቆጠረ። በኢትዮጵያ በአውደ ነገሥት ኮከብ የሚያስቆጥር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የስሙና የእናቱ ስም ፊደላት ተደምረው በ12 ተገድፈው 5 ቢተርፍ፣ አሥራ ሁለቱንም ኮከብ እያነበበ የጣመውን የሚመርጥ ቢኖር ደብተራው ይስቅበታል።

የጥንቶቹ አጠራር ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ግልጽ ነው። በዙዎ ጁዋን ውስጥ “ሦስተኛው መስመር” አይባልም፤ “የኩን ዳ ጉዎ” ነው የሚባለው። ኩንን ወደ ዳ ጉዎ የምትለውጠው መስመር አንዲት ብቻ ስለሆነች ሁለቱን ምልክቶች መጥራት እሷን በስም መጥራት ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ጁ ሺ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1186 ባዘጋጀው የመግቢያ መጽሐፉ ደንቡን በጽሑፍ አስቀመጠው፦ አንድ መስመር ብቻ ከተለወጠ የሚፈረደው በመጀመሪያው ምልክት በዚያው መስመር ቃል ነው። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሲለወጡ ምን እንደሚደረግ ሊቃውንት ተከራክረዋል፤ የጁ ሺን ደንብ የማይቀበሉም አሉ። የአንዱ መስመር ጉዳይ ግን ከሁሉም ቀላሉ ነው። በሦስት ሳንቲም ሲጣል አንድ መስመር ብቻ የመለወጡ ዕድል ከመቶ 36 ገደማ ስለሆነ፣ ከሌሎቹ ሁሉ የሚበዛው ውጤትም ይኸው ነው። ስሕተቱ ቀላሉና ተደጋጋሚው ቦታ ላይ መሆኑ ያስገርማል።

ሌላው ወገን የያዘው ክርክር ግን ባዶ አይደለም። “መስመሮቹ በእርግጥ ቅደም ተከተል አላቸው” ይላል፤ ማስረጃውም 31ኛው ምልክት ሺየን ነው። ሺየን የወንድና የሴት መሳሳብ ምልክት ሲሆን መስመሮቹ በሰውነት ላይ ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ የእግር ጣት፣ ባት፣ ጭን፣ ከዚያ ስሙ ያልተጠራው ተንታኞች ግን ልብ ያሉት፣ ቀጥሎ የማጅራት አካባቢ፣ በመጨረሻም መንጋጋና ምላስ። ይህ እውነት ነው፤ ደራሲው ሆን ብሎ አሰልፏቸዋል።

ነገር ግን አንዲት ሴት “ልከተለው?” ብላ ጠይቃ ከታች ወደ ላይ 8፣ 8፣ 9፣ 7፣ 7፣ 8 ወጣላት እንበል። ሺየን ነው፤ የተለወጠውም ሦስተኛው፣ ጭኑ። ጭን በራሱ አይሄድም፤ እግር ወደ ሄደበት ይከተላል። መስመሩም የሚከተለውን ሙጥኝ ያለ ሰው በዚያው ከቀጠለ እንደሚዋረድ ይናገራል። ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ ይጠቅማታል፤ ጭኑ ከባት በላይ፣ ከልብ በታች መሆኑን ያሳያታል። የምትንቀሳቀሰው በራሷ ልብ ሳይሆን በሰውየው እርምጃ እንደሆነ ትረዳለች። የሰልፉ ጥቅም እስከዚህ ነው። አራተኛው መስመር ሐሳብን ስለሚከተሉ ወዳጆች ስለሚያወራ “ቀጥሎ ልቡ ይመለሳል” ብላ ካነበበች ግን ቦታ ማሳያውን የጊዜ ሰሌዳ አደረገችው። ሳንቲሙ እዚያ 7 ነው የሰጣት። አራተኛው አልተናገረም።

የተለወጠው መስመር የሚያደርሰው ሁለተኛው ምልክት እዚህ 45ኛው፣ መሰባሰብ፣ ነው። እሱን አይታ “ልንሰባሰብ ነው!” ብላ የምትዘል ከሆነም ያው በሽታ ነው። ሁለተኛው ምልክት ነገሩ የሚያዘነብልበትን አቅጣጫ ያሳያል እንጂ የመስመሩን ፍርድ አይሽርም። ቸን ዌንዚም ነፋሱን የጠቀሰው የድንጋዩንና የእሾሁን ነገር ለማጠናከር እንጂ ለማለስለስ አልነበረም።

ምልክቱ በትክክል መነበቡን ማወቂያው ቀላል ነው። የተለወጠውን መስመር ብቻ ይዞ፣ በውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ነገር በጥያቄው ውስጥ ካለ አንድ ነገር ጋር ማገናኘት ይቻላል ወይ? ድንጋዩ ማን ነው? እሾሁ ምኑ ነው? ይህ ሥራ አድካሚ ነው፤ አንዳንዴም መልሱ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ያኔ ንባቡ እዚያው ያበቃል። ወደ ጎረቤት መስመር የሚሻገር እጅ፣ የማይፈልገው መልስ እንደደረሰው በራሱ ላይ ይመሰክራል።

ጽዊ ጁ መስመሩ በትክክል ተነቦለታል። መልሱም “ባሏ የሞተባት ሴት ናት፣ ምን ችግር አለ? ክፉው በመጀመሪያው ባሏ ላይ አልፏል” የሚል ሆነ። አገባት። የቺው መስፍን ጁዋንግ ከሚስቱ ጋር ወዳጅነት ጀምሮ ቤቱን ተመላለሰበት፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ548 እዚያው የጽዊ ጁ ቤት ውስጥ ተገደለ። የታሪክ ጸሐፊው ገዳዩን በስሙ ጽፎ በዚሁ ሞተ፤ ሁለት ወንድሞቹም ያንኑ ጽፈው ተገደሉ፤ ሌላው ወንድም ሲጽፍ ግን ተውት። (ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።) ከሁለት ዓመት በኋላ የጽዊ ጁ ልጆች ከሚስቱ ወገን ጋር ተጋደሉ። እሱ ተቆጥቶ ቺንግ ፈንግ ከተባለ ባለሥልጣን እርዳታ ለመነ። የዚያ ሰው ወታደሮች “እንረዳሃለን” ብለው ሄዱና ልጆቹን ገደሉ፣ ቤቱን ዘረፉ። ሚስቱ ራሷን ሰቀለች። የወታደሮቹ አለቃ ሥራውን መጨረሱን ነግሮት፣ ሠረገላውን ነድቶ ቤቱ አደረሰው። ሲደርስ የሚመለስበት ቤት አልነበረም።