ከሠላሳ አንድ ቅሬታ ሦስት ሥራ

ምግብ ቤት ከፍታ የምትተዳደር እኅት ቅሬታ አጥሮባት አያውቅም። የሚያስቸግራት ቅሬታው ተበታትኖ መምጣቱ ነው። አንዱ ደንበኛ ሒሳብ ሲከፍል «ዛሬስ አስራባችሁን» ብሎ ይወጣል፤ ሌላው ለአስተናጋጇ ይነግራል፤ ሦስተኛው እዚያ ዝም ብሎ ይበላና ጎረቤት ቡና ሲጠጣ ያማል። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ባለቤቷ የምታስታውሰው በጣም የጮኸውን ሰው ብቻ ነው። በማግሥቱም የምታስተካክለው ያንኑ የጮኸበትን ነገር ይሆናል፤ ከሁሉ የሚያንሰው ጉድለት እርሱ ሊሆን ይችላል።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት እንዲቀለን በመተከል ዞን፣ በድባጤ ከተማ፣ በመንገድ ዳር ያለች አንዲት አነስተኛ ምግብ ቤት በሐሳባችን እናቁም። አምስት ጠረጴዛ አላት። ባለቤቷ፣ አንዲት ወጥ ሠሪ፣ አንዲት አስተናጋጅና ዕቃ የምታጥብ ልጅ ይሠሩባታል። ምሳ የሚበሉባት መምህራን፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ ከቻግኒ ወደ ቡለን የሚያልፉ ሾፌሮችና በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጡ ገበሬዎች ናቸው። በድባጤ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ አገው፣ አማራውና ኦሮሞው አብረው ስለሚኖሩ ቅሬታውም በአንድ ቋንቋ አይመጣም። አማርኛ እንደ ልቡ የማይናገር ደንበኛ ምግቡ ካልጣመው ሳህኑን ገፋ አድርጎ ይነሣል፤ ይህም ቅሬታ ስለሆነ መጻፍ አለበት።

የመጀመሪያው ሥራ መስማት ነው። በብዙ ቦታ የአስተያየት መስጫ ሣጥን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ቁልፉ ይጠፋል፤ ሣጥኑም የሸረሪት ቤት ሆኖ ይቀራል። ለእንዲህ ያለች ምግብ ቤት አንድ የተማሪ ደብተር ይበቃል። ገጹን በአራት ዓምድ ከፍሎ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ደንበኛው የበላውንና የተናገረውን ቃል እንደ ወረደ መጻፍ ነው። «ደንበኛው አልተደሰተም» ተብሎ ቢጻፍ ምንም አይጠቅምም። «ጥብሱ ሲመጣ ቀዝቅዞ ነበር» ከተባለ ግን ፈለጉ ይገኛል። የደንበኛው ስም አያስፈልግም። የአስተናጋጇም ስም እንዳይጻፍ እንመክራለን፤ ምክንያቱም በደብተሩ ሰበብ አንዲት ልጅ አንድ ቀን ከተቆጣች ከዚያ ወዲያ ደብተሩ ባዶ ነው። ባለቤቷም «ተመስገን፣ ቅሬታ ቀረ» ትላለች፤ የቀረው ግን ጽሕፈቱ ነው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ሠላሳ አንድ ቅሬታ ተጻፈ እንበል። ትምህርት ቤት የምትሄደው ልጇ ማታ ቁጭ ብላ ስትቈጥርላት እንዲህ ይወጣል፦ ዘገየብን ያሉ 9፣ ቀዝቅዞ መጣ ያሉ 6፣ አስተናጋጇ ፊት ነሣችን ያሉ 4፣ ጨውና በርበሬ በዛ ያሉ 3፣ ወጡ አልጫ ሆነ ያሉ 2፣ እንጀራው ደረቀ ያሉ 3፣ ሆዴን ቈረጠኝ ያሉ 2፣ ዋጋው ተወደደ ያለ 1፣ የጾሙ ሽሮ ቅቤ ቅቤ ይላል ያለ 1። እዚህ ላይ የሚቈጠረው ሰው እንጂ ንግግር አይደለም። አንዱ መምህር ስለ መዘግየት አራት ቀን ቢያማርር አንድ ሰው ነው።

ብዙዎች እዚህ ሲደርሱ ከትልቁ ቍጥር ይጀምራሉ። እኛ ግን ከሁሉ በፊት ከሁለቱ የሆድ ቁርጠት ቅሬታዎች እንድትጀምር እንላለን። መዘግየት ሰውን ያናድዳል፤ የተበላሸ ምግብ ግን አልጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ደብተሩ ይታይ። ሁለቱም ሰዎች የበሉት ቀይ ወጥ ነው፤ ሁለቱም የበሉት ማታ፣ ያውም በገበያ ቀን ነው። በገበያ ቀን ትልቁ ድስት ከንጋቱ 12 ሰዓት ይጣዳል፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እሳቱ ይጠፋል፤ የተረፈው ወጥ እዚያው ድስት ውስጥ ቈይቶ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሞቅና ለራት ይቀርባል። ስድስት ሰዓት ሙሉ ለብ ብሎ ቈየ ማለት ነው።

«ድጋሚ እስከ ፈላ ድረስ ምን ይሆናል?» የምትል ወጥ ሠሪ አትጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንዳንዱ ተሐዋሲ ዘሩ ከመጀመሪያው መንተክተክ ይተርፍና ወጡ ለብ ሲል ይራባል። ከሠራተኛ እጅ የሚገባም አለ። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ምግቡ ውስጥ የሚተፉት መርዝ ደግሞ መልሶ በማፍላት አይጠፋም። በርበሬውም አይከላከለውም፤ ሽታውና ጣዕሙም ላይለወጥ ስለሚችል በመቅመስ አይታወቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው የምግብ ንጽሕና መመሪያ የበሰለ ምግብ ሳይቀዘቅዝና ሳይግል በቤት ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቈይ፣ ለገበታ እስኪቀርብ ድረስ ደግሞ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንደጋለ እንዲጠበቅ ይላል። በሙቀት መለኪያ ባይለካም ማንኪያ ሲገባበት እንፋሎት የማይወጣው ወጥ ከዚያ በታች መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

ሁለት ሰው ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለቱም ሌላ ቦታ ሌላ ነገር በልተው ይሆናል። ነገር ግን ሦስተኛውን መጠበቅ የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው፤ ማስተካከያው ደግሞ ቀላል ነው። ስለዚህ ቅድሚያው ለእርሱ ነው። በአንድ ቀን ከአንድ ድስት የበሉ ብዙ ሰዎች ከታመሙ ግን ነገሩ ከደብተር አልፏልና ወጡን ማንሣትና ለጤና ጣቢያ ማሳወቅ ነው።

ቀጥሎ የምናነሣው የአንዲቷን የጾም ሽሮ ቅሬታ ነው። በቍጥር ከሁሉ ያነሰች ናት። ሆኖም ጾመኛ ሰው ቅቤ የነካ ሽሮ ቀርቦለት ተናግሮ የሚሄደው አልፎ አልፎ ነው፤ የሚበዛው ሁለተኛ አይመጣም፤ ለሌላውም ይነግራል። ምክንያቱን ስንፈልግ ወጥ ሠሪዋ ሁለቱንም ድስት በአንድ ጭልፋ ስታማስል ተገኘች። መፍትሔው የአንድ ጭልፋ ዋጋ ነው፤ እጀታው ላይ ክር ይታሰርበትና ለጾም ብቻ ይሁን። የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ የሚሠራበት ቤት ከሆነም ቢላዋውና መክተፊያው በዚሁ ዓይን ሊታይ ይገባዋል።

አሁን ወደ ብዙዎቹ እንምጣ። መዘግየት 9፣ መቀዝቀዝ 6፣ ፊት መንሣት 4፣ ጠቅላላ 19 ናቸው። በየፊናቸው ሲታዩ ሦስት ልዩ ልዩ ጉድለት ይመስላሉ። የሰዓቱን ዓምድ ብናይ ግን ከ19ኙ 15ቱ የተነገሩት በምሳ ሰዓት ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። እንግዲህ ምንጩ አንድ ሳይሆን አይቀርም ማለት ነው።

ባለቤቷ «ምድጃ አነሰን፣ ሁለተኛ እንግዛ» ብላ ቈርጣ ነበር እንበል። ገንዘቧን ከማውጣቷ በፊት ግን አንድ ቀን ሰዓት ይዛ ወጥ ቤቱ በር ላይ መቆም አለባት። ደንበኛው 6 ሰዓት ከ40 ላይ ጥብስ አዘዘ፤ ትእዛዙ ወጥ ቤት የደረሰው 6 ከ52 ነው፤ ጥብሱ 7 ከ5 ላይ ወጣ፤ ጠረጴዛ ላይ የደረሰው 7 ከ11 ነው። ከ31 ደቂቃ ውስጥ ምድጃው የወሰደው 13ቱን ብቻ ነው። የቀረው 18 ደቂቃ ትእዛዙ በልጅቷ ራስ ውስጥ፣ ጥብሱም በመስኮቱ ላይ የጠበቁበት ነው። በጃፓን የቶዮታ ፋብሪካ ሠራተኞች ጉድለት ሲያገኙ «ለምን?» ብለው አምስት ጊዜ መጠየቅን ልማድ አድርገዋል፤ ይህ የሥራ ዘዴ ካይዘን በሚለው ስሙ በአገራችንም ይታወቃል፤ በ2004 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለታል። እኛም እንጠይቅ። ትእዛዙ ለምን ዘገየ? ልጅቷ የሦስት ጠረጴዛ ትእዛዝ ሰምታ ነው ወደ ወጥ ቤት የምትገባው። ለምን? በየመካከሉ ውኃ ታቀርባለች፣ ሒሳብ ትቀበላለች፣ ዝርዝር ትፈልጋለች። ለምን? ገንዘብ የሚቀበል ሌላ ሰው የለም። ፊት ነሣች የተባለችውም እንዲህ ስትሯሯጥ ነው። አመሏን ከመውቀስ እጇን ማቅለል ይበጃል።

ስለዚህ ሁለተኛ ምድጃ ቢገዛ ጥብሱ መስኮቱ ላይ በብዛት ይቀዘቅዝ ነበር እንጂ ለደንበኛው ፈጥኖ አይደርስም።

የቀሩትስ? ሦስት ሰው በዛ፣ ሁለት ሰው አነሰ ያሉት ጨውና በርበሬ እርስ በርሱ የሚጣላ ቅሬታ ነው፤ በዚህ ወጥ ሠሪዋን ማስጨነቅ አይገባም። ጨውና ሚጥሚጣ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ ወጡም በልክ ይሠራ። የደረቀ እንጀራ ያሉት ሦስቱም የተናገሩት ሰኞ ነው፤ ቅዳሜ የተገዛ እንጀራ ነበርና ከእንጀራ አቅራቢዋ ጋር መነጋገር ይበቃል፤ እርሱም ለሚቀጥለው ወር ይቈይ። ዋጋ ተወደደ ያለው አንድ ሰው ነው፤ በደብተሩ ይቆይ።

ለባለቤቷ የሚሰጠው ወረቀት ከዚህ በላይ መርዘም የለበትም፦

«አንደኛ፣ ከነገ ጀምሮ ከምሳ የተረፈ ወጥ ለራት አይቀርብም፤ በገበያ ቀን በትልቁ ድስት ፈንታ በሁለት መካከለኛ ድስት፣ ሁለተኛው በ9 ሰዓት ይጣዳል፤ እሳቱም እስከ ራት አይጠፋም። ኃላፊዋ ወጥ ሠሪዋ ናት፤ 8 ሰዓት ላይ ባለቤቷ ድስቱን ከፍታ ታያለች።

ሁለተኛ፣ እስከ ረቡዕ ጾም ድረስ ክር የታሰረበት ጭልፋ ይገዛል።

ሦስተኛ፣ ከሰኞ ጀምሮ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሒሳብ የምትቀበለው ባለቤቷ ናት፤ አስተናጋጇ የየጠረጴዛውን ትእዛዝ በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ወዲያው ወጥ ቤት መስኮት ላይ ባለው ምስማር ትሰካለች።»

ጽሕፈት የማትችል አስተናጋጅ ከሆነች ለሽሮ አንድ ሰረዝ፣ ለጥብስ ክብ እየተባለ ምልክት ይወጣለታል። ወረቀቱም ሲነበብ ሁሉም ሠራተኞች ቢኖሩ መልካም ነው፤ «እትዬ፣ ሒሳቡን እርስዎ ከያዙልኝማ እኔም ፊቴ ይፈታል» የምትል ልጅ አትታጣም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩ እንደገና ይቈጠራል። በምሳ ሰዓት የተነገሩት 15 ቅሬታዎች ወደ አምስት ወይም ስድስት ከወረዱ ምንጩ ተገኝቷል ማለት ነው። ካልወረዱ ባለቤቷ ሰዓቷን ይዛ እንደገና በሩ ላይ ትቁም፤ ምናልባት በዚህ ጊዜ 13ቱ ደቂቃ ወደ 20 ከፍ ብሎ ታገኘው ይሆናል፤ ስለ ምድጃ መነጋገር የሚገባው ያን ጊዜ ነው።